ቆርጠን ባወጣነው ፎቶ ዙሪያ የሚቀረውን ነጭ ወይም ጥቁር መስመር እንዴት እናጠፋለን?

"ባክግራውንዱን አጥፍቼዋለሁ፤ ግን ልጁ ዙሪያውን ነጭ መስመር ይዞ ቀረ። ምን ላድርግ?"

ጎንደር ውስጥ የምረቃና የሠርግ ሰሞን በመጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይደርሰኛል። ፒያሳ አካባቢ ባነር ከሚሠሩ ልጆች፣ ገና ስቱዲዮ ከከፈቱ፣ ቤታቸው ሆነው ለእህታቸው ምረቃ ፖስተር ከሚያዘጋጁ ሰዎች። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት ይልቅ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። የምጽፈው በፎቶሾፕ ስለሚሠራው ነው።

ምሳሌ አድርገን የምንሄደው በአንድ ፎቶ ነው። ተመራቂው ጥቁር ጋዋን ለብሶ፣ ፋሲል ግንብ አጠገብ ቆሟል። ከኋላው ከሰዓት በኋላ ያለ ብሩህ ሰማይ ነው። ፎቶው 4000 በ6000 ፒክስል ነው። ልጁን ቆርጠን ጠቆር ባለ ቀይ ባነር ላይ ልናስቀምጠው ነው። አስቀመጥነው። ከቆቡ ጫፍ እስከ ጋዋኑ እጅጌ ድረስ፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ነጭ መስመር ዞረው።

መስመሩ ከየት መጣ?

ይህን ካልተረዳችሁ ደረጃዎቹን በሙሉ በግምት ነው የምትሠሩት። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ካሜራ የጋዋኑን ጠርዝ በመቀስ እንደተቆረጠ አድርጎ አያነሳውም። ጠርዙ ላይ ያለው ፒክስል ግማሹ ጋዋን፣ ግማሹ ሰማይ ላይ ያርፋል። ቀለሙም የሁለቱ ድብልቅ ይሆናል። በቁጥር እንየው። ጥቁር 0፣ ነጭ 255 ነው። ጋዋኑ 40፣ ሰማዩ 240 ቢሆን፣ ጠርዙ ላይ ያለው ፒክስል 140 ይሆናል። ግራጫ ማለት ነው።

ባክግራውንዱን ስትቆርጡ ፎቶሾፕ ያንን ፒክስል ግማሽ ግልጽ ያደርገዋል። ይሄ ትክክል ነው፤ ጠርዙ ለስላሳ የሚሆነው በዚህ ነው። ግን ቀለሙ አሁንም 140 ነው። ሰማዩ ከፎቶው ወጣ፣ ቀለሙ ግን ፒክስሉ ውስጥ ቀረ። ብርሃኑ 50 የሆነ ቀይ ባነር ላይ ስታስቀምጡት፣ የ140 ግማሽና የ50 ግማሽ ተደምሮ 95 ይሰጣል። ሰማይ ባይነካው ኖሮ የ40 ግማሽና የ50 ግማሽ፣ ማለትም 45 ነበር የሚሆነው። ያ ከ45 እስከ 95 ያለው ልዩነት ነው ዓይናችሁ ነጭ መስመር ብሎ የሚያየው።

ጥቁር መስመርም ያው ነው፤ ተገላቢጦሹ ብቻ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት ጠቆር ያለ ድንጋይ ፊት ቆማ ከተነሳች፣ የነጠላው ጠርዝ የድንጋዩን ጥላ ይዞ ይወጣል። ክሬም ቀለም ባለው የሠርግ ካርድ ላይ ስታስቀምጧት ዙሪያዋ የቆሸሸ ይመስላል።

እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ቀለሙ ነው፤ ቅርጹ ደህና ነው። ጠርዙን እየላጡ መቁረጥ ሳይሆን፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ቀለም መቀየር ነው መፍትሔው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፎቶሾፕ። አሮጌ ቨርዥንም ይበቃል፤ ዋናው ትእዛዝ ብዙ ዘመን የቆየ ነው።
- ኦሪጅናሉ ፎቶ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከላችሁን አትቀበሉ፤ እንደ ፋይል ይላኩላችሁ። ሲጨመቅ ጠርዙ ላይ የተበታተነ ቆሻሻ ይፈጠራል፤ እሱን ደግሞ ይህ መመሪያ አያጸዳውም።
- ፎቶው የሚያርፍበት ባነር ወይም ካርድ። ቢያንስ ቀለሙን ማወቅ አለባችሁ።
- ማውስ። በላፕቶፕ ፓድ ይቻላል፤ ግን ደረጃ 7 ላይ እጃችሁ ይደክማል።

አሠራሩ

1. ኮፒ አስቀምጡ። ቆርጣችሁ ያወጣችሁትን ሌየር መርጣችሁ `Ctrl+J` ተጫኑ። የታችኛውን ዓይን ዝጉት። ፋይሉን በ PSD ሴቭ አድርጉ። ምክንያቱም የምንጠቀምበት ትእዛዝ የፒክስሉን ቀለም ለዘለቄታው ይቀይረዋል። ነገ ደንበኛው "ነጭ ባነር ይሁንልኝ" ቢል መመለሻ ያስፈልጋችኋል።

ሥራው በፎቶው በራሱ መጠን ላይ ይሁን። ልጁን ባነሩ ላይ አምጥታችሁ ካሳደጋችሁት በኋላ አትጀምሩ። 1 ፒክስል የነበረው መስመር ሲያድግ 3 ፒክስል ይሆንና ሥራው ይከብዳል።

2. ከስር ቀለም አንጥፉ። `Layer > New Fill Layer > Solid Color` ብላችሁ የባነሩን ቀይ ምረጡና ሌየሩን ከልጁ ስር ጎትቱት። በግራጫና ነጭ ዳማው ላይ አትፍረዱ። ዳማው ራሱ ብሩህ ስለሆነ ነጩን መስመር ይደብቀዋል። ብዙ ሰው "እኔ ጋ ንጹሕ ነበር፣ ሲታተም ነው የመጣው" የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

3. መስመሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ። ዙሙን 300% አድርሱት። የጋዋኑን ትከሻ ተመልከቱ። አሁን የቀለሙን ሌየር ምስል ሁለቴ ጠቅ አድርጉና ቀዩን ወደ ደማቅ አረንጓዴ ቀይሩት፤ ከዚያ ወደ ሰማያዊ። ዓይናችሁን ከመስመሩ ላይ አትንቀሉ። አይታችሁ ስትጨርሱ ወደ ቀዩ መልሱት።

መስመሩ ከስር ካለው ቀለም ጋር አብሮ ከተለዋወጠ፣ ድብልቅ ፒክስል ነው። ለእሱ መድኃኒቱ ደረጃ 6 ነው። ከስር ምንም ብትቀይሩ ንቅንቅ የማይል ነጭ ከሆነ ደግሞ ድብልቅ አይደለም። ሲቆረጥ አልፎ የቀረ ሙሉ ሰማይ ነው። ያ የቅርጽ ችግር ስለሆነ መጀመሪያ ደረጃ 4ን ይፈልጋል።

በእኛ ፎቶ ትከሻው ላይ ያለው ይለዋወጣል። በግራ ክንዱና በወገቡ መካከል ያለችው ክፍተት ጠርዝ ግን አይለዋወጥም። እዚያ ጋ ሲቆረጥ አልፏል።

4. አልፎ የቀረውን ብቻ አስገቡ። የቆረጣችሁት በሌየር ማስክ ከሆነ ማስኩን ጠቅ አድርጉ። ችግሩ ያለበትን ቦታ በላሶ ክበቡት። ከዚያ `Filter > Other > Minimum` ብላችሁ 1 ፒክስል ስጡት። ማስኩ 1 ፒክስል ወደ ውስጥ ይገባል። ሲጨርስ `Ctrl+D`።

ማስክ ሳትጠቀሙ በ Delete ያጠፋችሁ ከሆነ፣ የሌየሩን ምስል `Ctrl` ይዛችሁ ጠቅ አድርጉ፣ `Select > Modify > Contract` 1 ፒክስል፣ `Ctrl+Shift+I`፣ ከዚያ Delete። ይሄኛው መንገድ ልጁን ዙሪያውን በሙሉ ይነካዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ አትድገሙት።

"ታዲያ ለምን ሁሉንም በዚሁ ወደ ውስጥ አስገብተን አንገላገልም?" ትሉኝ ይሆናል። ጋዋኑ ቢላጥ ማንም አያውቅም። የቆቡ ዘርፍ ግን ክሩ ራሱ 3 ወይም 4 ፒክስል ነው። ከሁለት በኩል አንዳንድ ፒክስል ስትልጡት ግማሹ ይጠፋል። የመነጽር እጀታም፣ የጆሮ ጌጥም፣ ጣትም እንዲሁ።

5. ማስኩን ከሌየሩ ጋር አዋህዱ። ማስኩ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ `Apply Layer Mask`። ማስክ ሲኖር ሰማዩ ተደብቋል እንጂ አልጠፋም። የምንፈልገው ትእዛዝ ደግሞ የሌየሩን የራሱን ጠርዝ ነው የሚያነበው። ስማርት ኦብጀክት ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት በቀኝ ጠቅ አድርጉና `Rasterize Layer` በሉት። ትእዛዙ ደብዝዞ አልነካ ካላችሁ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጎፈሬ ወይም የተበተነ ፀጉር ካለ ይህን ደረጃ ከማለፋችሁ በፊት ከታች "ፀጉር ካለ" ያልኩትን አንብቡ። ማስኩ አንዴ ከተዋሐደ ያኛው መንገድ ይዘጋል።

6. ቀለሙን ቀይሩ። ዋናው ሥራ ይሄ ነው።

`Layer > Matting > Defringe`

የሚመጣው ሳጥን አንድ ቁጥር ብቻ ይጠይቃችኋል፤ ስፋት በፒክስል። 1 ጻፉና OK በሉ።

ትእዛዙ የሚያደርገው ቀላል ነው። ከጠርዙ ጀምሮ በነገራችሁት ስፋት ውስጥ ያሉትን ፒክስሎች ይወስዳል። ቀለማቸውን ጥሎ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለውን ንጹሕ ቀለም ይሰጣቸዋል። ግማሽ ግልጽነታቸውን አይነካም። ያ 140 የነበረው ግራጫ ወደ ጋዋኑ 40 ይጠጋል፤ ጠርዙ ግን እንደ ድሮው ለስላሳ ነው። ቅርጹ አንድም ፒክስል አልተላጠም።

ዙሙን `Ctrl+1` ብላችሁ ወደ 100% መልሱና እዩት። መስመሩ ቀጥኖ ግን ካልጠፋ `Ctrl+Z` ብላችሁ መልሱና 2 ስጡት። በ1 ላይ 1 እየደራረባችሁ አትሂዱ፤ መልሳችሁ ነው አዲስ ቁጥር የምትሰጡት። የእኛ ፎቶ በ2 ጠርቷል። በዚህ መጠን ላለ ፎቶ 3 ካልበቃው ችግሩ ቁጥሩ ሳይሆን ቆረጣው ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ከ3 በላይ ለምን አትሂዱ እንደምል ጆሮው ላይ ታዩታላችሁ። ወደ 5 ስትወስዱት ትእዛዙ ከጆሮው ጠርዝ አልፎ ጥላው ያለበትን ቡናማ ያመጣና ጠርዙ ላይ ይቀባዋል። ጆሮው ከሸክላ የተሠራ ይመስላል። ቀጭን ነገር ላይ "ወደ ውስጥ" የሚባለው ቦታ ቶሎ ያልቃል።

ጋዋኑ 2 ፈልጎ ፊቱ 1 ከበቃው፣ ሁለቱን አታስታርቁ። ከትእዛዙ በፊት ሌየሩን ኮፒ አድርጉ። አንዱን በ1፣ ሌላውን በ2 ሥሩ። የ2ቱን ከላይ አድርጉና ማስክ ጨምራችሁ ፊቱን በጥቁር ብራሽ ሸፍኑት።

7. የቀረውን በእጅ ጨርሱ። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ቦታ ይቀራል። እኛ ጋ የቀረው የቆቡ ዘርፍና የግራ ጆሮ ጫፍ ነው።

ከልጁ በላይ አዲስ ባዶ ሌየር ክፈቱ። `Ctrl+Alt+G` ተጫኑ። አሁን አዲሱ ሌየር ከልጁ ጋር ተቆራኝቷል፤ ምንም ብትቀቡ ከልጁ ቅርጽ ውጭ አይፈስም። ግማሽ ግልጽ የሆነው ፒክስል ላይም ቀለሙ በዚያው ልክ ብቻ ይታያል። ያለ ፍርሃት ጠርዙ ላይ መቀባት የምትችሉት ለዚህ ነው።

ክሎን ስታምፑን አንሱና ከላይ `Sample` የሚለውን `Current & Below` አድርጉት። ብራሹ ለስላሳ፣ ትንሽ፣ 10 ፒክስል ገደማ ይሁን። ከጠርዙ 15 ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ ገብታችሁ `Alt` ይዛችሁ ቀለም ውሰዱ። በጣም ጠርዙ ጋ ከወሰዳችሁ ከስር ያነጠፋችሁትን ቀይ አብሮ ይይዛል። ከዚያ መስመሩ ላይ ብቻ ተከተሉት።

ዘርፉ ላይ ክሎን አይመችም፤ ክሩ ቀጭን ስለሆነ የሚወሰድ ውስጥ የለውም። መደበኛውን ብራሽ ይዛችሁ የዘርፉን ቀለም ከወፍራሙ ቋጠሮ ላይ ውሰዱና ክሮቹን በዚያ ቀለም ሂዱባቸው። 60% ኦፓሲቲ ይበቃል። ሙሉ ከቀባችሁት ክሩ ጥላና ብርሃኑን አጥቶ በእስክሪብቶ የተሣለ ይመስላል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ለዩልኝ። ፀሐይ ከጎን ስትመታ ትከሻና ጉንጭ ላይ የምትጥለው እውነተኛ የብርሃን ጠርዝ አለ። እሱን አታጥፉት። እውነተኛው ብርሃን ፀሐይ ባለችበት በኩል ብቻ ነው፤ ሰፋ ይላል፤ ወደ ውስጥም ቀስ እያለ ይደበዝዛል። የቀረ መስመር ግን ስፋቱ እኩል ነው፤ ዙሪያውን ይዞራል፤ ፀሐይ በማይደርስበት በብብት ስርም አለ። ብብቱን ማየት በጣም ይረዳል።

8. ወደ ባነሩ ውሰዱት። ሁለቱን ሌየሮች መርጣችሁ `Ctrl+E`። ከዚያ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ `Convert to Smart Object`። አሁን ባነሩ ላይ ብታሳንሱት ብታሳድጉት ኦሪጅናሉ አይበላሽም። ለሌላ ሰው የምትልኩት ከሆነ ከስር ያነጠፋችሁትን ቀለም ዓይኑን ዝጉና PNG አድርጋችሁ አውጡት። JPG ግልጽ ቦታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በነጭ ይሞላዋል፤ ያ ሰው ደግሞ እንደገና ሲቆርጠው መስመሩ ተመልሶ ይመጣል።

ፀጉር ካለ

ደረጃ 6 ለጋዋን፣ ለሱፍ ልብስ፣ ለፊት ነው። ለጎፈሬ አይሆንም። በፀጉሮቹ መካከል የሚታየው ሁሉ ድብልቅ ነው፤ ንጹሕ ውስጥ የለም።

ማስኩ ገና ሳይዋሐድ ሌየሩን ኮፒ አድርጉና ማስኩን መርጣችሁ `Select > Select and Mask` ክፈቱ። በሪፋይን ኤጅ ብራሹ የፀጉሩን ዳር ዳሩን ብቻ ሂዱበት። ከታች `Decontaminate Colors` የሚለውን ምልክት አድርጉና 50% አካባቢ ጀምሩ። ሰማዩ ከፀጉሩ ውስጥ እስኪወጣ ድረስ ጨምሩ፤ ፀጉሩ የደረቀ ቀለም መምሰል ሲጀምር ቁሙ። ከዚህ ኮፒ የምትወስዱት ፀጉሩን ብቻ ነው። ሌላውን አካል በማስክ ደብቁትና ከስር ያለው በደረጃ 6 የተሠራው ይታይ። ሁለቱን በአንድ ትእዛዝ ለመጨረስ የሚሞክር ሰው ወይ ፀጉሩን ወይ ጋዋኑን ያጣል።

ነጠላ ለብሰው ለተነሱ

ነጠላ ላይ 1 ፒክስል ብቻ። ከዚያ አትለፉ። ጥለቱ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ስፋቱን ካበዛችሁት የጥለቱ ቀለም እየተጎተተ ወጥቶ የነጠላውን ዳር ይበክለዋል። ቀይና አረንጓዴ ጥለት ከሆነ ወዲያው ያስታውቃል።

ሌላው፣ ነጠላ ስስ ነው። ከኋላ ዛፍ ካለ አረንጓዴው ጨርቁን አልፎ መሐል ላይ ሁሉ ይታያል። ይሄ የጠርዝ ችግር አይደለም፤ ደረጃ 6 አይነካውም። እንደ ደረጃ 7 የተቆራኘ ሌየር ክፈቱ፤ የሌየሩን ሞድ `Color` አድርጉት፤ ንጹሕ ከሆነው የነጠላው ክፍል ቀለም ወስዳችሁ አረንጓዴው ላይ ቀቡ። አረንጓዴው ይወጣል፤ የጨርቁ እጥፋትና ጥላ ይቀራል። ጨለም ብሎ የቀረው ጨለማ ግን በዚህ አይነጣም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ከመቁረጣቸው በፊት `Feather` 2 ወይም 3 የሚሰጡ አሉ። "ይለሰልስልኛል" ብለው ነው። የሚያደርጉት ግን ግማሽ ግልጽ የሆነውን ዳር ማስፋት ነው፤ ሰማዩም አብሮ ይሰፋል። ቀድሞ 2 ፒክስል የነበረው መስመር 6 ሆኖ ይመጣል።

ለስላሳ ኢሬዘር ይዞ ዙሪያውን መሄድም ያው ነው። የተጠጋችሁበት ቦታ ሁሉ አዲስ ግማሽ ግልጽ ጠርዝ ይፈጠራል፤ እጅም እኩል ስለማይሄድ ትከሻው ይጎደጉዳል።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ `Remove White Matte` የሚል አለ። ስሙን አይተው ለማንኛውም ነጭ መስመር ይጠቀሙበታል። እሱ ከጠርዙ ላይ ድፍን ነጭን፣ 255ን ብቻ ቀንሶ ያወጣል። ፎቶው በእውነት ከድፍን ነጭ ላይ የተቆረጠ ከሆነ ጥሩ ይሠራል። ሰማይ ወይም የስቱዲዮ ግድግዳ ግን ድፍን ነጭ አይደለም። ከሚገባው በላይ ይቀንስና ነጩን መስመር ወደ ጥቁር ይቀይርላችኋል። `Remove Black Matte` እንዲሁ ለድፍን ጥቁር ብቻ ነው።

መስመሩን በወፍራም ስትሮክ ወይም በጥላ የሚሸፍኑም አሉ። ባነር ላይ ከሩቅ ያልፋል። እጅ ላይ የሚያዝ ካርድ ላይ ግን አያልፍም።

ለኅትመት ከመላካችሁ በፊት ከባነሩ ላይ የትከሻውንና የቆቡን ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ፣ በእውነተኛው መጠን A4 ላይ አትሙት። በመስኮት ብርሃን፣ አንድ ክንድ አርቃችሁ እዩት። በስክሪን 300% ላይ የምትታይ ትንሽ ጭረት ወረቀቱ ላይ ከሌለች ተዉአት። ወረቀቱ ላይ ካለች ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ።